በማረጥ ዘመን ስለሚደርቅና ስለሚሳሳ ቆዳ፤ ስለ አስተጣጠቡና ስለ አጠባበቁ

የወር አበባዋ ከቆመ 12 ወር ሙሉ ያለፋት ሴት አርጣለች ትባላለች። ይህም በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ መካከል የሚደርስ ነው። ስለ ማረጥ ሲነገር ብዙ ሰው የሚያስበው ድንገት የሚመጣውን ሙቀት፣ የሌሊቱን ላብና የእንቅልፍ ማጣትን ነው፤ በዚያው ጊዜ ቆዳም እንደሚለወጥ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ቆዳቸው ሲደርቅና ሲያሳክካቸው ብዙ እናቶች ምክንያቱን በሌላ ነገር ያሳብባሉ፤ የሚወስዱት እርምጃም አንዳንድ ጊዜ ከሕመሙ የባሰ ጉዳት ያመጣባቸዋል። በዚህ ወር የምንጽፈው ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

1ኛ. የአንዲት እናት ምሳሌ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በደብረ ብርሃን ከተማ የሚኖሩ የ51 ዓመት እናት አሉ እንበል። የወር አበባቸው ከቆመ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በኅዳር ወር ውርጩ ሲጀምር የቅልጥማቸውና የክንዳቸው ቆዳ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ነጫጭ ቅርፊት ያወጣ ጀመር፤ ማታ ማታም ያሳክካቸዋል። እርሳቸውም ከንጽሕና ጉድለት የመጣ መስሏቸው በየቀኑ ጧትና ማታ በጣም በሞቀ ውኃ፣ በልብስ ሳሙና፣ በሻካራ ጨርቅ እየፈገፈጉ ይታጠቡ ጀመር። ማሳከኩ ግን ባሰ እንጂ አልቀነሰም።

በታኅሣሥ ወር ጎረቤታቸው አንድ ትንሽ ቱቦ ቅባት ከሱቅ ገዝተው እንዲሞክሩ መከሯቸው። ቅባቱም በሦስት ቀን ውስጥ ማሳከኩን አጠፋው፤ ፊታቸውንም ያጠራው መሰለ። ስለዚህ ክንዳቸውንና ፊታቸውን በቀን ሁለት ጊዜ እየተቀቡ እስከ መጋቢት መጨረሻ ቆዩ። በሚያዝያ ወር ግን የክንዳቸው ቆዳ እንደ ስስ ወረቀት ሆኖ ያብለጨልጭ ጀመር፤ ሳይመታቸው ይበልዛል፤ በአፋቸው ዙሪያ ቡግር ወጣ፤ አንድ ቀንም ክንዳቸው ከበር እጀታ ጋር ቢነካካ ቆዳው ተላጠ። ያን ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ።

በእኒህ እናት ላይ የደረሰው ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ከዕድሜ የመጣ ድርቀት ነው፤ ሁለተኛው ከአስተጣጠብ የመጣ ጉዳት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሐኪም ያላዘዘው ቅባት ያስከተለው መሳሳት ነው። ሦስቱን በየተራ እንመለከታለን።

2ኛ. ቆዳው ስለ ምን ይደርቃል?

ዕንቁላል የሚያበስሉት ሁለቱ ዕጢዎች ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ። ይህ ሆርሞን የሚያገለግለው ማኅፀንን ብቻ አይደለም፤ በቆዳም ውስጥ ሥራ አለው። የቆዳን ቅባት የሚያመነጩት ጥቃቅን ዕጢዎች፣ ውኃን በቆዳ ውስጥ ይዘው የሚያቆዩት ነገሮች፣ ቆዳንም አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው አውታር ሁሉም ከእርሱ ድጋፍ ያገኛሉ። በማረጥ ጊዜ ሆርሞኑ ሲጎድል ቅባቱ ያንሳል፤ ውኃውም ቶሎ ይተናል።

የቆዳን የላይኛ ሽፋን በድንጋይና በጭቃ እንደ ተሠራ ግንብ አድርገን ብንመስለው ነገሩ ይገባናል። ድንጋዮቹ የደረቁት የቆዳ ሕዋሳት ናቸው፤ ጭቃው ደግሞ በመካከላቸው ያለው ስብ ነው። ጭቃው ሲጎድል ግንቡ ይሰነጠቃል፤ ውኃው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሳሙናና አቧራም ወደ ውስጥ ገብተው ቆዳውን ያስቆጣሉ። የማሳከኩ ምክንያት ይህ ነው።

በደጋ አገራችን ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው አየር ደረቅና ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ጉዳዩን ያባብሰዋል። ቅልጥም፣ ክንድና ወገብ በተፈጥሯቸው ቅባት የሚያንሳቸው ቦታዎች ናቸውና ድርቀቱ ቀድሞ የሚታየው በእነርሱ ላይ ነው።

ነገር ግን የሚያሳክክ ሁሉ ከድርቀት የመጣ አይደለም። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ዙሪያ ሽፍታ ወጥቶ ሌሊት ሌሊት አጥብቆ የሚያሳክክ፣ ከቤተ ሰብም ሌላ ሰው የሚያሳክከው ሲሆን እከክ ሊሆን ይችላል። እከክ በቅባት አይድንም፤ የራሱ መድኀኒት አለው፤ በአንድ ቤት የሚኖሩትም ሁሉ አብረው መታከም አለባቸው።

3ኛ. አስተጣጠብን ስለ መለወጥ

ጤናማ ቆዳ ጥቂት የመጣጣ ጠባይ አለው፤ የልብስ ሳሙና ግን ከዚህ ተቃራኒ የሆነ፣ ስብን ለመፍታት የተሠራ ነገር ነው። ከልብስ ላይ ቅባት እንደሚያወጣ ሁሉ ከቆዳም ላይ ያወጣል። የ20 ዓመት ልጅ ቆዳ የተወሰደበትን ቅባት ፈጥኖ ይተካል፤ ያረጠች ሴት ቆዳ ግን ለመተካት ይዘገያል። ስለዚህ በወጣትነት ያልጎዳ አስተጣጠብ በዚህ ዕድሜ ሊጎዳ ይችላል።

በዚህ ዕድሜ ያሉ እናቶች እንደሚከተለው ቢያደርጉ መልካም ነው። የሚታጠቡበት ውኃ ለብ ያለ ይሁን፤ በእጅ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ሲነኩት ሙቀቱ ሊሰማ እንጂ ሊያቃጥል አይገባም። ገላን መታጠብ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ሳሙና በየቀኑ የሚያስፈልገው ለብብት፣ ለእግርና ላብ ለሚያጠራቅሙ እጥፋቶች ነው፤ ቅልጥምና ክንድ፣ ሆድና ጀርባ ጭቃ ወይም ጥላሸት ካልነካቸው በቀር ውኃ ብቻ ይበቃቸዋል። ሳሙናውም የገላ ሳሙና፣ በተለይም ሽታ ያልተጨመረበትና ለደረቅ ቆዳ የተዘጋጀ ቢሆን ይመረጣል። ሻካራ ጨርቅና ድንጋይ ለተረከዝ ካልሆነ በቀር ይቅር። የሚፈገፈገው ቅርፊት እድፍ አይደለም፤ የተጎዳው ግንብ ፍርስራሽ ነው፤ በፈገፈጉት መጠን ይብሳል።

ድንገተኛ ሙቀት መጥቶ ላብ ሲያጠምቅ ደግሞ እንደገና በሳሙና መታጠብ አያስፈልግም። ላቡን በቀዝቃዛ ውኃ በተነከረ ለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ ልብስ መቀየር ይበቃል። ከገላ ጋር የሚያያዘው ልብስ ጥጥ ቢሆን ይሻላል፤ ሱፍ ደረቅ ቆዳን ያሳክካልና።

የወይባ ጢስ የሚሞቁ እናቶችም ይህን ያስተውሉ። ብርቱ ሙቀት ቆዳን ያደርቃል፤ በማረጥ ዘመን የሚመጣውንም ድንገተኛ ሙቀት ሊቀሰቅስ ይችላል። ቆዳቸው የተላጠ ወይም የሳሳ እናቶች እስኪድኑ ድረስ ቢተዉት ይሻላል። ሌሎቹም ጊዜውን አሳጥረው፣ ከዚያ በኋላ ቆዳቸውን ማለስለስ ይገባቸዋል።

4ኛ. ቅባትን በጊዜውና በልኩ ስለ መቀባት

ብዙ ሰው ቅባት የሚቀባው ቆዳው ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው። ይህ ስሕተት ነው። ቫዝሊን ራሱ ውኃ የለውም፤ ሥራው በቆዳው ላይ ያለው ውኃ እንዳይተን መክደን ነው። የሚከደን ውኃ ከሌለ ግን ጥቅሙ ያንሳል። ስለዚህ ከታጠቡ በኋላ ሰውነትን በፎጣ ሳይፈገፍጉ ቀስ ብሎ እየነኩ ማድረቅ፣ ቆዳው ጥቂት እርጥበት እንደ ያዘም በ3 ደቂቃ ውስጥ መቀባት ያስፈልጋል።

መጠኑን በሻይ ማንኪያ ብንለካው ለአንድ እግር አንድ ማንኪያ፣ ለአንድ ክንድ ግማሽ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ይህ ለሚወፍር ቫዝሊን ትንሽ የበዛ ቢመስል በእጅ መዳፍ አሙቀው አሳስተው ያዳርሱት። የሚቀባውም ወደ ፀጉሩ አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ወደ ላይ እያሹ መቀባት የፀጉርን ሥር ሊያስቆጣ ይችላል። በጧትና በመኝታ ጊዜ፣ እጅን ደግሞ ዕቃና ልብስ ባጠቡ ቁጥር መቀባት ይገባል።

ከመድኀኒት ቤት የሚገኘው ግሊሰሪንም ጠቃሚ ነው፤ ውኃን ወደ ራሱ የመሳብ ኀይል አለውና። ነገር ግን በደረቅ አየር ሳይበረዝ ብቻውን ቢቀቡት ውኃውን ከራሱ ከቆዳው ሊስብ ይችላል። ስለዚህ አንድ እጅ ግሊሰሪን በአራት እጅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበረዛል። ይህን በእርጥብ ቆዳ ላይ ቀብቶ፣ ከላዩ ቫዝሊን በስሱ ማልበስ ርካሽና መልካም ዘዴ ነው። የተበረዘው ሳይቆይ ስለሚበላሽ ጥቂት ጥቂት እያዘጋጁ በ3 ቀን ውስጥ መጨረስ፣ የተረፈውንም መድፋት ያስፈልጋል።

ሎሚን በፊት ላይ ማሸት የሚወዱ አሉ። ሎሚ ደረቅ ቆዳን ያቃጥላል፤ ከዚያም ፀሐይ ቢያገኘው ቆዳው ቆስሎ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ስለዚህ ለዚህ ተግባር ባይውል ይሻላል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ እንጨምራለን። ቫዝሊንና ሌሎችም ቅባቶች በልብስ፣ በሻሽና በአንሶላ ውስጥ እየሰረጉ ይጠራቀማሉ፤ እንዲህ ያለው ጨርቅ እሳት ቢነካው ከንጹሕ ጨርቅ ይልቅ ፈጥኖ ይያያዛል። በማጠብም ፈጽሞ አይለቅም። ስለዚህ ተቀብተው ወዲያው ምድጃ፣ ከሰል ወይም ሻማ አጠገብ መቀመጥ አይገባም። እንጀራ የሚጋግሩ እናቶች ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ በተለይም በመኝታ ጊዜ ቢቀቡ ይመረጣል፤ ልብሳቸውንና አንሶላቸውንም ቶሎ ቶሎ ይለውጡ።

5ኛ. ቆዳን ስለሚያሳሱ ቅባቶች

ያረጠች ሴት ቆዳ በራሱ ጊዜ መሳሳቱ አይቀርም። ምሳሌ ያደረግናቸው እናት የተቀቡት ግን ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ከሚባሉት መድኀኒቶች አንዱ ያለበት ቅባት ነበር። እነዚህ መድኀኒቶች በሐኪም ትእዛዝ፣ ለተወሰነ ቦታና ለተወሰነ ቀን ሲሰጡ እጅግ ይጠቅማሉ። ቁጣን ስለሚያበርዱ ማሳከክን ቶሎ ያስታግሳሉ፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። ለብዙ ወራት ሲቀቧቸው ግን ኮላጅን እንዳይሠራ ያደርጋሉ፤ ዕድሜ ያሳሳውን ቆዳ ደግሞ የበለጠ ያሳሱታል።

ጉዳቱ በሚከተሉት ምልክቶች ይታወቃል። ቆዳው ይብለጨለጫል፤ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይታዩበታል፤ በትንሽ ነገር ይበልዛል፤ በፊት ላይ ቡግር ይወጣል፤ አንዳንዴም ፀጉር ይበቅላል። ቅባቱን ባቆሙ ጊዜ ፊት ቢቀላ፣ ቢያቃጥልና ቢያሳክክ፣ መልሰው ሲቀቡት ደግሞ ቢተዋቸው፣ ይህ ራሱ አንድ ምልክት ነው። ብዙዎች ቁጣው የሌላ በሽታ መስሏቸው ቅባቱን ይቀጥላሉ፤ እንዲህም ሆኖ ከጉዳቱ ሳይወጡ ይቀራሉ። ስለዚህ ፊትን ያጠራል፣ ማሳከክን ያጠፋል ተብሎ የተሰጠ ቅባት ሁሉ ምን መድኀኒት እንዳለበት ሳያረጋግጡ መቀባት አይገባም። ለረዥም ጊዜ የተጠቀመችም ሴት ቱቦውን ይዛ ወደ ሐኪም መሄድ አለባት፤ አተዋወዉን የሚወስንላት እርሱ ነው።

የሳሳ ቆዳ ሲላጥ አያያዙ እንዲህ ነው። ቁስሉን በንጹሕ ውኃ ማጠብ፤ የተላጠውን ቆዳ ሳይቆርጡ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው መመለስ፤ ቫዝሊን በተቀባ ንጹሕ ፋሻ ሸፍኖ በልኩ መጠቅለል። የሚጣበቅ ፕላስተር በሳሳ ቆዳ ላይ አይለጠፍም፤ ሲነሣ ሌላ ቆዳ ይዞ ይነሣልና። ቁስሉ ትልቅ ከሆነ፣ ደሙ ካልቆመ ወይም መግል ከያዘ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

6ኛ. ስለ መላላትና ስለ መጨማደድ

ከማረጥ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ቆዳ ከኮላጅኑ 30 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ፣ ከዚያም ወዲያ በየዓመቱ 2 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ተመርምሮ ታውቋል። የጉንጭ መውረድና የአንገት መላላት ከዚህ የተነሣ ነው። የጠፋውን ፈጽሞ የሚመልስ ቅባት የለም። መመለስ አይቻል እንጂ ማዘግየት ግን ይቻላል፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ፀሐይን መከላከል ነው።

ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ የሚያገኘው የተፈጥሮ መከላከያ አለው፤ ፍጹም መከላከያ ግን አይደለም። ኮላጅንን የሚያፈርሰው ጨረር ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። የዚህ ጨረር ኀይል ከባሕር ወለል በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ከተማ እንደ መሆኗ፣ ብርዱ ቢያታልልም ፀሐይዋ ጽኑ ናት። ነጠላ ስስ ስለ ሆነ ፀሐይን ያሳልፋል፤ ድርብ ጋቢ፣ ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ይሻላል። አቅም ያላት ሴት ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ትጠቀም። ለፊትና ለአንገት የሚበቃው በሁለት ጣቶች ርዝመት የተዘረጋ ቅባት ነው፤ ከቤት ውጭ የምትውል ከሆነም በየ2 ሰዓቱ ይደገማል። ሲጋራ ማጨስም ኮላጅንን ከሚያፈርሱት አንዱ ነው።

ሐኪም የሚያዝዘው ትሬቲኖይን የተባለ ቅባት አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ ጥቂት ይረዳል። ነገር ግን ውጤቱ የሚታየው ከብዙ ወራት በኋላ ሲሆን ቆዳንም ያደርቃል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ቁጣው ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ስለዚህ ድርቀቱ ሳይድን አይጀመርም። ሲጀመርም ለፊት ሁሉ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው። ገና ልትፀንስ የምትችል ሴት ልትጠቀምበት አይገባም። ሆርሞንን በመድኀኒት መተካትም ለቆዳ ሲባል ብቻ የሚታዘዝ አይደለም፤ ለብርቱ ሙቀትና ለመሳሰለው ችግር ሐኪም መርምሮ የሚወስነው ነው።

7ኛ. ስለ ብልት አካባቢ ድርቀት

የሚያሳፍር መስሎ ብዙ እናቶች የሚደብቁት ድርቀት አለ። የብልት ቆዳም በማረጥ ጊዜ ይሳሳል፤ ያቃጥላል፤ በግንኙነትም ጊዜ ያማል። ይህን ቦታ በሳሙናና በሎሚ ማጠብ ቃጠሎውን ያብሰዋል፤ ውጭውን በለብታ ውኃ ብቻ መታጠብ ይበቃል። ለዚህ የሚሆን ማለስለሻና በቦታው ብቻ የሚሠራ የኤስትሮጅን መድኀኒት ስላለ ለሐኪም ወይም ለአዋላጅ መናገር ነው። ነጣ ያለ ነጠብጣብና ብርቱ ማሳከክ ካለ መታየት ያስፈልጋል። ካረጡ በኋላ ደም ቢታይ ግን፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜ የማኅፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ይሆናልና።

8ኛ. የምሳሌያችን ፍጻሜ

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ሐኪሙ ቱቦውን አይተው፣ ቅባቱ እንዴት እንደሚተው ነገሯቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊታቸው ሊቆጣ እንደሚችልም አስቀድመው አስጠነቀቋቸው። በእርግጥም በሁለተኛው ሳምንት ፊታቸው ቀላ፤ አቃጠላቸውም፤ ምክንያቱን ስላወቁት ግን ወደ ቱቦው አልተመለሱም። የልብስ ሳሙናውን ለልብስ ተዉት፤ በለብታ ውኃ እየታጠቡ ግሊሰሪኑንና ቫዝሊኑን ማታ ማታ ይቀቡ ጀመር። በአራተኛው ሳምንት የቅልጥማቸው ማሳከክ ተወ። ፊታቸው ለመርጋት ግን ሦስት ወር ፈጀበት፤ የክንዳቸውም ቆዳ እንደ ቀድሞው ሙሉ በሙሉ አልወፈረም።

ይህን ሁሉ አድርጋ ከ4 ሳምንት በኋላ ማሳከኩ ያልተዋት ሴት ብትኖር ደሟን መመርመር ይገባታል። የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ የደም ማነስ፣ የስኳር በሽታ፣ የጉበትና የኩላሊት ሕመም ሽፍታ ሳያሳዩ ሊያሳክኩ ይችላሉ። እነዚህን ማረጥ ነው ብሎ ማሳለፍ የሚታከመውን በሽታ ሳያክሙ መተው ነው።